ለግቢ የመኪና መግቢያ፦ ኮብል፣ ኢንተርሎክ፣ ጠጠር ወይስ አስፋልት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከግቢው በር እስከ ቤቱ 15 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው የመኪና መግቢያ ላሠራ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጎማ ይውጣል። የቤቱ ጎን ከበሩ 30 ሳንቲም ገደማ ከፍ ይላል። የምነዳው የቤት መኪና ሲሆን አልፎ አልፎ ኢሱዙ ይገባል። አንዱ አስፋልት ይበጅሃል ይለኛል፣ ግንበኛው ኮብሉን አሸዋ ላይ እናንጥፈው ይላል፣ ጎረቤቴ ደግሞ ኢንተርሎክ አስነጥፏል። በዋጋ፣ በውሃ አወጣጥና በዕድሜ የቱ ይሻለኛል?»

ለእርስዎ ቦታ የምመርጠው 10 ሳንቲም ኮብል ነው። ግን ኮብሉ አሸዋ ላይ ብቻ የሚነጠፍ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ የጎማው መስመር ይሰምጣል። ገንዘቡ አንድ ላይ ካልሞላ ደግሞ ዘንድሮ ከታች ያለውን ሥራ በደንብ ጨርሰው በጠጠር ይክደኑት፣ ኮብሉን በሚቀጥለው ዓመት ያንጥፉ። አስፋልት ለ60 ካሬ አያዋጣም። ኢንተርሎክ ጥሩ ዕቃ ከተገኘ ከኮብል ብዙ አያንስም። ይህን ያልኩበት ምክንያት ከላይ ከሚታየው ንጣፍ ይልቅ ከሥሩ ካለው አፈር የሚነሳ ስለሆነ ከአፈሩ እጀምራለሁ።

ጥቁር አፈር ወይም መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ መሬቱ ላይ የሚታየው ስንጥቅ የዚሁ ምልክት ነው። ምን ያህል እንደሚያብጥ ቤትዎ ሆነው ማየት ይችላሉ። ከ50 ሳንቲም ጥልቀት አፈር አውጥተው ያድርቁት፣ ይፍጩት፣ በዱቄት ወንፊት ይንፉት። ቀጥ ያለና ጎኑ ግልጽ የሆነ ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ እስከ 4 ሳንቲም ይጨምሩና ከፍታውን ምልክት ያድርጉ። ከዚያ አፈሩን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ብርጭቆውን በውሃ ይሙሉ፣ አፈሩንም ቀስ እያሉ መልሰው ይበትኑበት። በማግስቱ የረጋው አፈር ከ6 ሳንቲም በላይ ከደረሰ፣ ማለትም በግማሽ ከጨመረ፣ የሚያስቸግር አፈር ነው። በእጥፍ ከጨመረ ደግሞ ከዚህ በታች ከምሰጠው የቁፋሮ ጥልቀት ምንም መቀነስ የለብዎትም።

አፈሩ በየቦታው እኩል ቢያብጥና እኩል ቢኮማተር ንጣፉ አብሮ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ ብዙ ጉዳትም አይደርስበትም። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ነው። ከንጣፉ መሃል ሥር ያለው አፈር ፀሐይም ዝናብም ስለማያገኘው እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም። ጠርዙ ግን በሐምሌና በነሐሴ ይረሰርሳል፣ በየካቲትና በመጋቢት ይደርቃል። ስለዚህ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ መንገድ መጀመሪያ የሚበላሸው ከጠርዙ ነው። አስፋልት ከሆነ ከዳሩ ትንሽ ገባ ብሎ በርዝመቱ የሚሄድ ስንጥቅ ይወጣል፤ ኮብል ከሆነ የዳሩ ረድፎች ወደ ውጭ ያዘነብላሉ።

ሁለተኛው ችግር ብዙ ግንበኛ የማያስበው ነው። ጥቁር አፈር ከረጠበ በኋላ ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። እርስዎ 4 ሜትር በ15 ሜትር ቆፍረው ጉድጓዱን አሸዋና ድንጋይ ሲሞሉት፣ የሠሩት ነገር ጎኑም ታቹም በጭቃ የተመረገ ገንዳ ነው። ከላይ በፉጋው፣ ማለትም በድንጋዮቹ መሃል ባለው ክፍተት፣ የገባው ውሃ መውጫ የለውም፤ አሸዋው ውስጥ ቆሞ ከሥሩ ያለውን አፈር ያላቁጠዋል። መኪና ሲያልፍ ጎማው ውሃውን ይጫነዋል፣ ውሃውም ጭቃ ይዞ በፉጋው ወደ ላይ ይተፋል። ክረምት ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር በድንጋዮቹ መሃል ቡናማ ውሃ ብቅ ሲል ካዩ ከሥሩ ያለው ነገር እየታጠበ መሆኑን ይወቁ።

«ኮብል ውሃ ያሰርጋል፣ ስለዚህ ጎርፍ አያመጣም» የሚባለውም ስለዚህ በእርስዎ መሬት ላይ እንደ ጥቅም አይቆጠርም። አሸዋማ ወይም ቀይ አፈር ላይ ቢሆን የገባው ውሃ ወደ ታች ሰርጎ ይሄዳል። ጥቁር አፈር ላይ ግን የሚፈለገው ዝናቡ በተዳፋት ላይ ቶሎ እንዲሸሽ ነው፤ ሾልኮ የገባው ጥቂት ውሃም ከአፈሩ ከመድረሱ በፊት በጎን መውጣት አለበት። ቀጥሎ ያለው አሠራር ሁሉ ለዚህ የታሰበ ነው።

ቁፋሮው ከንጣፉ ስፋት በሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ሜትር ይጨምር፤ ማለትም 5 ሜትር ስፋት። እርጥበቱ የሚለዋወጠው ጠርዝ ከመኪናው ጎማ እንዲርቅ ነው። የተጠናቀቀው ንጣፍ ከአካባቢው መሬት 10 ሳንቲም ከፍ እንዲል ያድርጉት፤ ከመሬቱ እኩል ወይም ዝቅ ካለ የግቢው ውሃ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች ውፍረቱ እንዲህ ይሆናል፦ ኮብሉ 10 ሳንቲም፣ ማንጠፊያው የተፈጨ ደቃቅ ጠጠር 3 ሳንቲም፣ ከክሬሸር የወጣ ደቃቅና ሻካራ የተቀላቀለበት ጠጠር 12 ሳንቲም፣ ገረጋንቲ 30 ሳንቲም። ድምሩ 55 ነው፤ 10 ሳንቲም ከመሬት በላይ ስለሚሆን ቁፋሮው 45 ሳንቲም ነው።

በመጠን ሲሰላ 5 በ15 በ0.45 ወደ 34 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ሲቆፈር ስለሚላላ 44 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ሲኖትራክ ሦስት ቢያጆ ማለት ነው። ገረጋንቲው ተጠቅጥቆ 22.5 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ልል የሆነውን 29 ያህል ይግዙ፣ ሁለት ቢያጆ ይበቃል። የክሬሸሩ ጠጠር ወደ 10 ሜትር ኩብ፣ ደቃቁ ማንጠፊያና የፉጋ መሙያ ደግሞ ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ኩብ ነው።

ገረጋንቲ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ሻጩ ከድንጋይ ጋር የተቀላቀለ ቀይ ወይም ጥቁር ጭቃ ቢያመጣልዎ አንዱን አስቸጋሪ አፈር አውጥተው ሌላውን አስገቡ ማለት ነው። ከመኪናው ሳይወርድ ከደቃቁ አንድ እፍኝ ወስደው በውሃ ያርጥቡትና በመዳፍዎ መሃል እንደ ክር ያንከባልሉት። 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ሳይበጣጠስ ከተጠቀለለ ሸክላነቱ በዝቷል፤ ይመልሱት። ወዲያው ከተፈረካከሰ ይቀበሉት።

የጉድጓዱ ታች ሲስተካከል ለጥ ያለ እንዳይሆን። ወደ በሩ 2 በመቶ ተዳፋት አለዎት፤ 15 ሜትር ላይ 30 ሳንቲም ማለት ያ ነው። ከዚህ ሌላ ከቤቱና ከአጥሩ መሠረት ወደሚርቀው ጎን 2.5 በመቶ ያዘንብል፤ በ4 ሜትር ስፋት 10 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ተዳፋት ከጉድጓዱ ታች ጀምሮ በየንብርብሩ መደገም አለበት። ታቹን ለጥ አድርጎ ቆፍሮ ተዳፋቱን በማንጠፊያው ውፍረት ለማምጣት መሞከር በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዱ ጎን 3፣ ሌላው 13 ሳንቲም አሸዋ ይሆንና ወፍራሙ ጎን ይሰምጣል። ልኩን በሲባጎና በቀጭን ግልጽ የውሃ ጎማ ይያዙ፤ የዓይን ግምት 2 በመቶን አይለይም።

ገረጋንቲው በ15 ሳንቲም ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ እያንዳንዱም ውሃ እየጠጣ በኮምፓክተር ይጠቀጠቃል። የእርጥበቱ ልክ በእጅ ይታወቃል፤ ሲጨብጡት ቅርጹን ይይዛል፣ ግን ውሃ አያንጠባጥብም። ደረቅ ሆኖ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ በዕለቱ ጠንካራ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲገባው ግን ይሰምጣል። ትንሿ ዝላይ ማሽን 30 ሳንቲም አንድ ላይ ቢሰጧት የላይኛውን ብቻ ታጠነክራለች። ከመጀመሪያው ንብርብር በፊት አፈሩ ላይ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ ማንጠፍ ቢችሉ ጥሩ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ጭቃው እንዳይገባ፣ ጭቃውም እንዳይወጣ ይለያቸዋል። 75 ካሬና መደራረቢያውን ጨምሮ 85 ካሬ ይበቃል።

ሁለቱም ንብርብር ካለቀ በኋላ የተጫነ ኢሱዙ በዝግታ ይሂድበት፣ እርስዎ ከኋላው ጎማ አጠገብ ይከተሉ። መሬቱ ከጎማው ሥር ጎብጦ የሚመለስበት ቦታ ካለ እዚያ ለስላሳ ነው፤ ይቆፈር፣ ይሞላ፣ እንደገና ይጠቅጠቅ። ይህን ሙከራ ኮብሉ ከተነጠፈ በኋላ ማድረግ አይቻልም። ከግንበኛው ጋር ሲዋዋሉም ክፍያውን ከዚህ ሙከራ ጋር ያያይዙት።

በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በፉጋ የገባው ውሃ ገረጋንቲው ላይ ደርሶ በላዩ ባለው የክሬሸር ጠጠር ውስጥ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው በንጣፉ ጠርዝ ዙሪያ የሚገነባውን የከርብስቶን ሲሚንቶ ነው፤ ይኸውም ግድብ ይሆንበታል። ስለዚህ ከርብስቶኑ ሲገነባ በዝቅተኛው ጎን በየ2 ሜትሩ ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ከጠጠሩ ታች ጋር እኩል አድርጎ ከንጣፉ ጎን ወደሚሠራው ቦይ ማሳለፍ ያስፈልጋል። የቱቦው ውስጠኛ አፍ በጂኦቴክስታይል ቁራጭ ይሸፈን። በበሩ በኩል ያለው አግድም ከርብስቶን ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ውሃ ስለሚጠራቀምበት ሦስት ቱቦ ይግባበት። ዋጋው ኢምንት ነው፤ ከቀረ ግን ከላይ ያልኩት ገንዳ ይመለሳል።

ቦዩ የት ይደርሳል የሚለውን ከቁፋሮ በፊት ያረጋግጡ። የክሬሸሩ ጠጠር ታች ከንጣፉ ፊት 25 ሳንቲም ይወርዳል፤ ስለዚህ የመንገዱ ቦይ ታች በበሩ አጠገብ ከንጣፍዎ ፊት ቢያንስ 30 ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት። በብዙ ሰፈር መንገዱ ኮብል ሲነጠፍ ከፍ ስላለ ግቢው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። እንዲያ ከሆነ ንጣፉን የበለጠ ከፍ ማድረግ ወይም ውሃውን በሌላ ጎን ማስወጣት እንጂ ሌላ አማራጭ የለም።

የውሃው መጠን ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። 100 ካሬ ጣሪያ አለ ብለን ከ60 ካሬው ንጣፍ ጋር ስንደምረው 160 ካሬ ነው። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ከባድ ዝናብ ለስሌት ብንይዝ 8,000 ሊትር በሰዓት፣ ማለትም በየ9 ሰከንዱ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ይህን 20 በ20 ሳንቲም የሆነ የሲሚንቶ ቦይ በ1 በመቶ ተዳፋት በቀላሉ ይወስደዋል። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦም በልኩ ይችለዋል፣ ግን ቅጠልና ጭቃ ይዘጋዋል፤ ክዳኑ የሚነሳ ክፍት ቦይ እመርጣለሁ። የጣሪያው አሸንዳ በንጣፉ ላይ እንዳይፈስ፤ በቱቦ በቀጥታ ወደ ቦዩ ይሂድ። ከአሸንዳ የሚወርድ ውሃ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲያርፍ ፉጋውን አጥቦ ያወጣዋል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከላይ የሚነጠፈው ምንም ቢሆን አይቀርም። ዋጋ ሲያወዳድሩም ይህን ይያዙ። ብዙ ጊዜ ሰው «ኮብል በካሬ ይህን ያህል፣ ኢንተርሎክ ይህን ያህል» ተብሎ ይነገረዋል፤ አንዱ ቁፋሮና ገረጋንቲ ጨምሮ ነው፣ ሌላው ንጣፉን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ንጽጽሩ ሐሰት ይሆናል። ከእያንዳንዱ ባለሙያ ሁለት ቁጥር ይጠይቁ፤ ከማንጠፊያው በታች ያለውና ከማንጠፊያው በላይ ያለው። የታችኛው ለአራቱም ተቀራራቢ መሆን አለበት። የአንዱ በጣም ካነሰ ዋጋው ረክሶ ሳይሆን የሆነ ንብርብር ቀርቶ ነው።

አሁን ወደ ላይኛው። ጠጠር በመግቢያ ዋጋ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ከላይ ከተዘረዘረው ሥራ በኋላ የሚጨመረው ከ5 እስከ 10 ሳንቲም ጠጠር ብቻ ነው። ምርጫው ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። 02 የሚባለው ሻካራ ጠጠር ብቻውን ከተበተነ ፍሬዎቹ እርስ በርስ የሚይዛቸው ደቃቅ ስለሌለ ከጎማ ሥር ይሸሻሉ፣ መኪና ሲነሳ ይረጫሉ። የወንዝ ድቡልቡል ጠጠር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የሚፈለገው ማዕዘን ያለው የክሬሸር ጠጠር፣ ከ02 የሚያንሰው 01 እና ደቃቁ 00 ተቀላቅሎ ውሃ ጠጥቶ የተጠቀጠቀ ነው። የጎን ተዳፋቱ ወደ 4 በመቶ ከፍ ይበል፤ የጠጠር ፊት ውሃ ቶሎ ስለማይሸሽለት በ2 በመቶ ላይ ውሃ ያቁራል፣ የቆረው ቦታ ደግሞ ጉድጓድ ይሆናል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ መሬቱን መቧጨርና አንድ ሁለት ሜትር ኩብ መጨመር ይኖራል። ከጭቃ ያድናል፣ አይሰነጠቅም፣ ቢበላሽም በአካፋ ይስተካከላል። በበጋ ግን አቧራ አለው፣ ቤት ውስጥም ጠጠር በጫማ ይገባል።

ኮብል የአገሩ ድንጋይና የሰው ጉልበት ነው፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባዛልት ሞልቷል፣ ጠራቢውም አንጣፊውም አለ። ስለዚህ ዋጋው በሲሚንቶና በነዳጅ መወደድ እንደ ሌሎቹ አይወዛወዝም። ለ60 ካሬ 10 በ10 ድንጋይ ከ1 ሳንቲም ፉጋ ጋር በካሬ 82 ያህል፣ ከስብራቱ ጋር 5,200 ገደማ ይፈልጋል። ክብደቱ ወደ 14 ቶን ስለሆነ የማጓጓዣው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ሲገዙ ቦታው ድረስ ያለውን ዋጋ ይጠይቁ። ድንጋዩን በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ሊሰጥ ይገባል። ድፍን ያለ ድምፅ የሚሰጠው፣ በሚስማር ሲቧጭሩት ዱቄት የሚያወጣው ለስላሳ ድንጋይ በጎማ ይበላል፣ ጠርዙም ይረግፋል። ታቹ እንደ ሽብልቅ ሹል የሆነ ድንጋይ አይቀበሉ፤ ከላይ ካሬ ቢመስልም የሚቆመው በጫፉ ስለሆነ ይንከባለላል።

ሲነጠፍ ረድፉ መኪናው ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር አግድም ይሁን፣ በርዝመት የሚሄድ ቀጥ ያለ የፉጋ መስመር አይኑር። ጎማ ቀጥ ያለ ፉጋ ሲያገኝ ይከፍተዋል። ማንጠፊያው ወንዝ ዳር ከሚገኘው ደለል ያለበት አሸዋ ይልቅ ከክሬሸር የወጣው 00 ይሁን፤ ማዕዘን ስላለው ይያያዛል። ዱቄት ከበዛበት ግን ውሃ ይዞ ይለሰልሳል፤ ጥቂቱን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ነቅንቀው ሲያስቀምጡት ከላይ የሚረጋው ደቃቅ ጭቃ በጣም ቀጭን መሆን አለበት። ፉጋው ከ1 ሳንቲም አይብለጥ፣ በ00 ተሞልቶ በኮምፓክተር ይጠቅጠቅ፣ እንደገና ይሞላ። ከጠርዝ ወደ መሃል እየተጠጋ ይሠራ እንጂ ከመሃል አይጀመር።

ፉጋውን በሲሚንቶ መሙላት ጥሩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ለእግር መንገድ ምንም አይደለም። መኪና በሚሄድበትና ከሥሩ ጥቁር አፈር ባለበት ግን ሲሚንቶው ከሥሩ ያለው ሲንቀሳቀስ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከዚያ ለመጠገን ድንጋዩን ነቅሎ ሲሚንቶውን ማላቀቅ ያስፈልጋል። በደቃቅ ጠጠር የተሞላ ኮብል ግን የሰመጠበት ቦታ ተነስቶ፣ ከሥሩ ተስተካክሎ፣ ያው ድንጋይ ይመለሳል። ለእኔ ከአራቱ ኮብልን የሚያስመርጠኝ ይህ ነው፤ በጥቁር አፈር ላይ ምንም ያህል ቢጠነቀቁ አንድ ቦታ መንቀሳቀሱ አይቀርም፣ ዕቃው ሳይጣል መጠገን የሚችለው ንጣፍ ነው የሚያዋጣው። በበኩሉ ጉድለት አለው፤ ወለሉ ይነቀንቃል፣ በጎማ ሲለሰልስ ዝናብ ላይ ያንሸራትታል። የእርስዎ 2 በመቶ ላይ ይህ አያሳስብም። ደብረ ሲና ላይ ተዳፋት ግቢ ያለው ሰው ግን ፊቱን ሻካራ እንዲተውለት ለጠራቢው ቢነግር ይሻለዋል።

ኢንተርሎክ ከኮብል ይበልጥ ለጥ ይላል፣ ለማንጠፍ ቀን ይቆጥባል፣ ልክ እንደ ኮብል ተነስቶ ይመለሳል። ውጤቱን የሚወስነው የዕቃው ጥራት ነው። ለመኪና 8 ሳንቲም ውፍረት ይሁን፤ 6 ሳንቲሙ ለእግረኛ ነው፣ ኢሱዙ ሲታጠፍበት ማዕዘኑ ይረግፋል። ጥራቱን በቤት ሚዛን ይፈትኑ። 20 በ10 በ8 የሆነ ብሎክ ደረቅ ሆኖ ወደ 3.6 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ ተጠርጎ ሲመዘን ከ200 ግራም ብዙ የበለጠ ከጨመረ ሲሚንቶው አንሷል ወይም በደንብ አልተጠቀጠቀም። ሁለት ብሎክ ሲያጋጩ ድምፁ ጥርት ካላለና ጠርዙ በጥፍር ከተፈረፈረም አይግዙ። ነጭ ጨው መሰል ነገር ፊቱ ላይ መውጣቱ ግን ጉዳት የለውም፤ በጊዜ ይጠፋል። ኢንተርሎክ እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚሠራ ጠርዙ ከላላ ሁሉም ይከፈታል፤ ስለዚህ ከርብስቶኑ ከኮብል ይልቅ ለእሱ ያስፈልገዋል። ጎረቤትዎ ያስነጠፉትን በክረምት ማብቂያ ሄደው የዳሩን ረድፍ ይዩት፤ ክፍተቱ ከሰፋ ወይም ዳሩ ካዘነበለ ስለ አፈርዎም ይነግርዎታል።

አስፋልት ለሰፊ ሥራ የሚሆን ነው። የ60 ካሬ 5 ሳንቲም አስፋልት ወደ 7 ቶን ብቻ ነው። ለዚያ 7 ቶን ትኩሱን የሚያመጣ መኪና፣ ሮለርና ሠራተኛ ይነቃነቃሉ። የማጓጓዣው ወጪ ለ600 ካሬ ቢካፈል ትንሽ ነው፣ ለ60 ሲካፈል ግን በካሬ አሥር እጥፍ ይሆናል። «በካሬ ይህን ያህል» ብሎ የነገርዎት ሰው የትኛውን እንዳሰበ ይጠይቁት። ከዚህ ሌላ አስፋልት ሲነጠፍ ትኩስ፣ ከ130 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት፤ ወደ 85 ዲግሪ ሲወርድ ሮለሩ ከዚያ በኋላ አያጠብቀውም። ትንሽ ጭነት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በጠዋት ብርድ ሲደርስ ደግሞ ይበልጡን። ቀዝቅዞ የተነጠፈ አስፋልት በዓይን ጥቁርና ለጥ ያለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ክፍተት ስላለው ውሃ ያስገባል፣ ጠጠሩም በሁለተኛው ዓመት መለቃቀም ይጀምራል። ግቢ ውስጥ መኪና ስለሚቆም የሚንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት ቅጥራኑን ያሟሟዋል። ውሃ አወጣጡ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ በ2 በመቶ ፊቱ ላይ ምንም አይቆምም። ነገር ግን የጥቁር አፈሩ ስንጥቅ ሲመጣ እንደ ኮብል አንስቶ መመለስ የለም፤ ተቆርጦ ይጣላል። ጎረቤቶች ተሰባስባችሁ የውስጥ መንገዱን ጭምር በአንድ ጊዜ የምታሠሩ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቢሆን ደግሞ ቆሞ የሚያድር ኢሱዙ በሙቀት በለሰለሰ አስፋልት ላይ የጎማ ቦታ ያወጣል።

በደረጃ መሥራትን በመጀመሪያ ያነሳሁት ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ቁፋሮው፣ ገረጋንቲው፣ የክሬሸሩ ጠጠር፣ ከርብስቶኑና ቦዩ ዘንድሮ ካለቁ በላዩ ላይ 13 ሳንቲም 01 እና 00 ሞልተው አንድ ክረምት ይንዱበት። የሚሰምጥ ቦታ ካለ በዚያ ክረምት ይታያል፣ በጥቂት አካፋ ጠጠርም ይስተካከላል። በሚቀጥለው ዓመት ያን 13 ሳንቲም ጠርገው ያነሱትና ኮብሉን ያንጥፉ። የተነሳው ጠጠር አይጣልም፤ ደቃቁ ለማንጠፊያ፣ ሻካራው ከከርብስቶኑ ውጭ ላለው ግማሽ ሜትር ይሆናል። ያ ግማሽ ሜትር አትክልት እንዳይተከልበትና ውሃ እንዳይጠጣ፤ ባህር ዛፍ ደግሞ በአቅራቢያው ካለ አፈሩን መጥጦ ስለሚያደርቅ በዚያ በኩል ያለው ጠርዝ ከሌላው ቀድሞ ይወርዳል።

ሥራውን መቼ ልጀምር ካሉ ጥቅምት አጋማሽ ጥሩ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ አፈሩ ግን ገና አልተሰነጠቀም። በሚያዝያ ቢቆፍሩ ቁፋሮው ንጹህ ይመስላል፤ አፈሩ ግን በጣም የደረቀበት ጊዜ ስለሆነ ከተሸፈነ በኋላ ከሁሉም በላይ የሚያብጠው ያኔ ነው። በሚያዝያ መጀመር ግድ ከሆነ የተቆፈረውን ታች ለጥቂት ቀን ውሃ እያርከፈከፉ ስንጥቁ እስኪዘጋ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይጠቅጥቁት። በኅዳርና በታኅሣሥ ከርብስቶን የሚገነባ ከሆነ ደግሞ ሌሊት ውርጭ አለ። 38 ሜትር ከርብስቶን ወደ 0.9 ሜትር ኩብ ሲሚንቶ ሥራ፣ ባለ 50 ኪሎው 6 ከረጢት ገደማ ይወስዳል። ከቀትር በፊት ይሙሉት፣ ማታ በፕላስቲክና በጭድ ይሸፍኑት፣ ቀን ገልጠው ውሃ ያጠጡት፤ ለሳምንት ያህል። ውርጭ የመታው ሲሚንቶ ፊቱ እንደ ዱቄት ይቦናል፣ በሚስማር ሲቧጭሩትም ያስታውቃል።